አፍሮ ፀጉርን ከግድግዳ ላይ ማንሳት፦ አንድ የሮልአፕ ሥራ ከደሴ

ሥራው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የውበት ሳሎን ያላቸው አንዲት ሴት በራቸው ላይ የሚቆም ሮልአፕ ባነር ፈለጉ። ፎቶው ላይ ያለችው ታናሽ እህታቸው ናት። ያማረ አፍሮ አላት፤ ባነሩም የሚያስተዋውቀው ያንኑ ፀጉር ነው። ፎቶውን ያነሳናት ደሴ ውስጥ በምሠራበት ፎቶ ቤት ጓሮ ነው፤ ከጀርባዋ ፈዛዛ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ አለ።

«ግድግዳው ይጥፋልኝና ወይን ጠጅ ቀለም ይሁን። ፀጉሯ ግን እንዳይቆረጥብኝ» አሉኝ።

«አብሽሩ እትዬ» አልኳቸው።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ጥቁር ፀጉር ከነጣ ግድግዳ ላይ ተነስቶ ጠቆር ያለ ቀለም ላይ ሲያርፍ ሁለት ችግር ይመጣል። አንደኛው የፀጉሩን ቅርጽ በትክክል ማውጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው ፀጉር ይዞት የሚመጣው የግድግዳ ቀለም ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይፈታና ሁለተኛውን ይረሳል። ከዚያ «ማስኩ አልሰራም» ብሎ ማስኩን መጠገን ይጀምራል። ማስኩ ግን ጥፋት የለበትም።

የአፍሮ ጠርዝ ከለስላሳ ፀጉር ጠርዝ ይለያል። የተዘረጋ ፀጉር ሲሆን ጥቂት ክሮች ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ እነሱን መከተል ይቻላል። አፍሮ ላይ ግን ጠርዙ መስመር አይደለም። ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቀለበት ነው፤ በውስጡ የተጠማዘዙ ክሮች አሉ፣ በክሮቹ መሃል ደግሞ ግድግዳው በጥቃቅን ቀዳዳ ይታያል። በላሶ ብትዞረው ወይ ቀዳዳዎቹን ከነአረንጓዴያቸው ይዘህ ትቀራለህ፣ ወይ ቀለበቱን በሙሉ ትቆርጠዋለህ። የእኛ ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለው ፎቶሾፕ CS6 ነው። እዚያ ያለው Refine Edge ለረጃጅም ክር ደህና ነው፤ የዚችን ልጅ ጠርዝ ግን እንደ ጭስ አደረገብኝ። ስለዚህ ወደ ቻናል ሄድኩ።

ቻናል ማለት እዚህ ላይ ፎቶው ውስጥ አስቀድሞ ያለ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። RGB ፎቶ ሦስት አለው። በCtrl+3 ቀዩን፣ በCtrl+4 አረንጓዴውን፣ በCtrl+5 ሰማያዊውን ለየብቻ ታያለህ፤ Ctrl+2 ወደ ሙሉው ቀለም ይመልስሃል። የምትፈልገው ፀጉሩና ግድግዳው በጣም የሚራራቁበትን ነው። ብዙ ቦታ «ሰማያዊውን ምረጥ» ሲባል ትሰማለህ። ሰማይ ከኋላ ሲኖር ያስኬዳል። የእኛ ግድግዳ ግን አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ በጣም የሚነጣው አረንጓዴው ቻናል ላይ ነው። ፀጉሩ ደግሞ ሦስቱም ላይ ጥቁር ነው። በዚያ ላይ ሰማያዊው ቻናል ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይ ነጠብጣብ የበዛበት ነው። ነጠብጣብ ካለበት ቻናል የወጣ ማስክ ደግሞ ጠርዙ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

አረንጓዴውን መረጥኩና በቀኝ ክሊክ Duplicate Channel አልኩት። ስሙ Green copy ሆነ። ዋናውን ቻናል በቀጥታ መንካት አይገባም፤ ከነካኸው የፎቶው ቀለም ራሱ ይለወጣል። ቅጂው ግን አልፋ ቻናል ነው፣ እንዳሻህ ብታደርገው ፎቶው አይነካም።

ከዚህ በኋላ የተለመደው መንገድ Levels ከፍቶ ግድግዳውን ነጭ፣ ፀጉሩን ጥቁር እስኪሆን መግፋት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ Info ፓነሉን በF8 ከፈትኩ። Eyedropper ይዤ፣ ከላይ ናሙናውን 5 by 5 Average አድርጌ፣ ግድግዳው ላይ ተንቀሳቀስኩ። ከልጅቷ ቀኝ ትከሻ በኩል ያለው ግድግዳ 205 ገደማ ይላል። በግራ በኩል ያለው 128 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀኑ ፀሐያማ ነበር፣ የጣራው ጥላ ደግሞ ግድግዳውን በግራ በኩል ሸፍኖታል። ደሴ ላይ ጉም የወረደ ቀን ብናነሳት ኖሮ ግድግዳው ሁሉ እኩል ይሆን ነበር። ለዚህ ሥራ ጉም ከፀሐይ ይሻላል፤ ደንበኛ ግን ጉም ባለበት ቀን ፎቶ አይነሳም።

የዚህ ሥራ ዋናው ቋጠሮ ይኸው ነው። ለቀኙ የሚሆነው Levels ለግራው አይሆንም።

በቁጥር እንየው። በቀኝ በኩል ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ከ120 እስከ 170 ባለው ውስጥ ናቸው። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ስለሚቀላቀልባቸው ነው እንዲህ የነጡት። ስለዚህ ለቀኙ ጥቁሩን ጠቋሚ 60 ላይ፣ ነጩን 195 ላይ አደረግሁ። ግድግዳው 205 ስለሆነ ሙሉ ነጭ ሆነ። ክሮቹም ግራጫ ሆነው ቀሩ፣ ማለትም ግማሽ በግማሽ የሚያሳልፉ ሆኑ። የሚፈለገውም ይኸው ነው። በዚሁ ቁጥር ግራውን ስናየው ግን 128 የነበረው ግድግዳ ያው 128 ላይ ቀረ። 128 ማለት ደግሞ ግማሽ ግራጫ ነው። ማስክ ስናደርገው የግድግዳው ግማሽ እንደ ጤዛ ፀጉሩን ከቦ ይቀራል ማለት ነው።

ታዲያ ነጩን ጠቋሚ ወደ 120 ብናወርደውስ? ግራው ይጸዳል። ቀኙ ላይ ግን ከ120 በላይ የሆነ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ እነዚያ ቀጫጭን ክሮች በሙሉ ይጠፋሉ። አፍሮው በአንድ ጎኑ በመቀስ የተከረከመ መስሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ «ቻናል ፀጉር ይበላል» የሚባለው ይህን ነው። የበላው ቻናሉ አይደለም፣ ለሁሉም ጎን አንድ ቁጥር መጠቀሙ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው Green copy በ60 እና በ195 ለቀኙ ተሠራ። ከዋናው አረንጓዴ ቻናል ሁለተኛ ቅጂ አወጣሁና በ40 እና በ120 ለግራው ሠራሁት። ቀጥሎ ሁለቱን ማገናኘት ነው። Green copy ላይ ሆኜ ጥላ የወደቀበትን ጎን በላሶ ከበብኩት። Feather 150 ፒክስል ሰጠሁት፤ የጥላው ጠርዝ ራሱ ለስላሳ ስለነበር መገናኛውም ለስላሳ መሆን አለበት። ከዚያ Image ሜኑ ውስጥ Apply Image ከፍቼ፣ Channel በሚለው ላይ ሁለተኛውን ቅጂ፣ Blending ላይ Normal መረጥኩ። Apply Image የሚሠራው በተመረጠው ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ ምስሉንም በአንድ ፒክስል እንኳ አያንሸራትተውም። ኮፒና ፔስት ብታደርግ ግን ቦታውን የመሳት ዕድል አለው። እዚህ ሥራ ላይ ሁለት ፒክስል መንሸራተት ማለት ፀጉሩ ድርብ ሆኖ መታየት ነው።

መገናኛው አናቷ ላይ ነው የወደቀው። 200% አጉልቼ አየሁት። አንድ ሁለት ቦታ የግድግዳው ልስን ነጥብ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ለዚህ Dodge Tool አለ። Range የሚለውን Highlights፣ Exposure ደግሞ 15% አድርጌ በቀስታ አሻሸሁት። Highlights ላይ ሲሆን ነጣ ያለውን ይበልጥ ያነጣዋል፣ ጥቁሩን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ክሮቹን አልፎ መሃል ያለውን ግድግዳ ያጸዳል። በተቃራኒው ፀጉሩ ውስጥ ፀሐይ የመታው አካባቢ ግራጫ ሆኖ ነበር። ያንን በBurn Tool፣ Range Shadows ላይ አድርጌ አጠቆርኩት። እጅ ሲበዛ ግን ክሮቹ ይወፍራሉ፤ ጠርዙ በማርከር የተሳለ መስሎ ከታየህ Ctrl+Alt+Z እያልክ ተመለስ።

የፀጉሩን መሃልና ፊቷን በጥቁር ብሩሽ ሞላሁት። ሲሞላ እስከ ጠርዙ ድረስ መሄድ አይገባም። ያ ቀለበት፣ ቀዳዳዎቹ ያሉበት፣ መነካት የለበትም። ብሩሹ ከቀለበቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቆም አለበት።

ልብሷ ሌላ ነገር ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ትከሻዋ ላይም ነጠላ አለ። አረንጓዴው ቻናል ላይ ነጭ ልብስ ከግድግዳውም በላይ ይነጣል፤ ስለዚህ ቻናሉ ልብሱን ከግድግዳ ጋር አብሮ ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ቻናሉን ማስገደድ ጊዜ ማባከን ነው። ትከሻና ክንድ ፀጉር አይደለም፣ ጥርት ያለ ጠርዝ አለው። በPen Tool ከጠርዙ አንድ ፒክስል ያህል ገባ ብዬ ዞርኩት። Make Selection ብዬ Feather 0.5 ሰጥቼ፣ Green copy ላይ በጥቁር ሞላሁት። ፀጉሩ በቻናል፣ አካሉ በፔን፣ ሁለቱም አንድ ቻናል ውስጥ ተገናኙ።

አሁን ልጅቷ ጥቁር፣ ግድግዳው ነጭ ነው። ማስክ ላይ ግን ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል። ስለዚህ Ctrl+I ብዬ ገለበጥኩት። Ctrl ይዤ የቻናሉን ትንሽ ምስል ነካሁት፤ የሚንቀሳቀሰው ነጠብጣብ መስመር መጣ። ይህን መስመር አይቶ የሚደነግጥ ሰው አለ፣ ቀጫጭኑን ክር ሁሉ አልፎት ስለሚሄድ። መስመሩ የሚያሳየው ከ50% በላይ የተመረጠውን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውም ተመርጧል፣ መስመር ግን አይሳልለትም። Ctrl+2 ብዬ ወደ ሙሉ ቀለም ተመለስኩ፣ ፎቶውን በCtrl+J ከመቅዳቴ በፊት ግን ምርጫውን በCtrl+D ፈታሁት። ካልፈታኸው Ctrl+J የተመረጠውን ብቻ ነው የሚቀዳው፤ ግማሽ ያሳለፈው ፒክስል ደግሞ በኋላ ማስክ ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ ይሳሳል። ቅጂው ላይ ሆኜ ምርጫውን እንደገና ጫንኩና ከታች ያለውን የማስክ ምልክት ነካሁ። ከሥሩ ወይን ጠጁን ሌየር አስገባሁ።

ቅርጹ ሸጋ ነው። እያንዳንዱ ጥምዝምዝ በቦታው አለ። ዙሪያውን ግን ግራጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለበት ከቧታል።

ማስኩን Alt ይዤ ነካሁትና ብቻውን አየሁት። ንጹህ ነው። ታዲያ አረንጓዴው ከየት መጣ? አንድ ክር ላይ ተጠግተን እንየው። የፀጉሯ ትክክለኛ ቀለም 30፣ 24፣ 22 አካባቢ ነው። ግድግዳው 150፣ 205፣ 165 ነው። ክሩ ከፒክስሉ ሲቀጥን ካሜራው ሁለቱን ይደባልቃል፤ ግማሽ በግማሽ ሲሆን 90፣ 115፣ 94 ይሆናል። ይህ ቀለም ፎቶው ውስጥ ተጋግሯል። ማስኩ ፒክስሉን ግማሽ ያህል ያሳሳዋል እንጂ ቀለሙን አይለውጠውም። ስለዚህ ወይን ጠጁ ላይ የሚያርፈው የሳሳ ፀጉር ሳይሆን የሳሳ አረንጓዴ ነው። ማስኩን በLevels ብታጠብቀው ቀለበቱ ይቀንሳል፣ ግን ክሮቹን ይዞ ይሄዳል። እስካሁን የደከምክበትን መልሰህ መጣል ነው።

መፍትሔው ቀለሙን መቀየር ነው። ከፎቶው በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ከፈትኩና በAlt+Ctrl+G ከሥሩ ካለው ጋር አያያዝኩት። እንዲህ የተያያዘ ሌየር ላይ የምትቀባው ነገር ከማስኩ ውጭ አይወጣም፤ ወፍራም ብሩሽ ብታሳርፍ እንኳ ቀለሙ የክሮቹን ቅርጽ ይዞ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ሌየሩን Color ሞድ ላይ አድርጌ ቡናማ ቀባሁ። አረንጓዴው ጠፋ፣ ቀለበቱ ግን አልጠፋም። Color የሚቀይረው የቀለሙን ዓይነት ነው፤ የንጣቱን መጠን እንዳለ ይተወዋል። ግድግዳው ያነጣው ክር አሁን ነጣ ያለ ቡናማ ሆነ። ለነጭ ባክግራውንድ ቢሆን ይበቃ ነበር። ለወይን ጠጅ አይበቃም።

ሞዱን ወደ Normal መለስኩት። ለስላሳ ብሩሽ፣ Opacity 70%። Alt እየያዝኩ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ጥቂት ፒክስል ገብቼ የፀጉሩን እውነተኛ ቀለም እወስዳለሁ፣ ከዚያ ጠርዙን እቀባለሁ። ትንሽ ሄጄ እንደገና እወስዳለሁ። ይህ መደጋገም ዋጋ አለው። በቀኝ በኩል ፀሐይ ስለነካው ፀጉሩ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፤ በግራ በኩል ጥቁር ነው። ዙሪያውን በአንድ ጥቁር ቀለም ብትቀባው ብርሃኑ ይሞትና ዊግ ያጠለቀች ትመስላለች። ነጠላዋም ስስ ስለሆነ አረንጓዴው በውስጡ ያልፍ ነበር፤ እሱን ሌላ የተያያዘ Hue/Saturation ላይ Saturation በማውረድ ብቻ ጨረስኩት።

ሮልአፑ 85 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው። በኢንች 100 ፒክስል ሲታተም አንድ ፒክስል ሩብ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሦስት ፒክስል የቀረ ቀለበት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ሳሎን በር ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። ስክሪን ላይ አሳንሰህ ስታየው ደግሞ አይታይም። ስለዚህ ከመላኬ በፊት የጠርዙን አንድ ክፍል በትክክለኛ መጠኑ A4 ላይ አትሜ አየሁት። አናቷ ላይ፣ ሁለቱ ቻናሎች የተገናኙበት ቦታ፣ ትንሽ የሳሳ ነገር ነበር። ማስኩ ላይ በነጭ ለስላሳ ብሩሽ፣ በ10% Opacity ነካ ነካ አድርጌ አስተካከልኩት።

ባነሩ ከታተመ በኋላ እትዬ በቴሌግራም ጻፉልኝ። «ያው ፎቶ ለፕሮፋይል በክሬም ቀለም ይሠራልኝ።» እዚህ ላይ ሥራው ይቀላል፣ ምክንያቱም ጥቁር ፀጉር ፈዛዛ ባክግራውንድ ላይ ሲያርፍ Multiply ይሠራል። የመጀመሪያውን ፎቶ ቅጂ ከክሬሙ በላይ፣ ማስክ ካለው ሌየር በታች አስቀመጥኩ። በCtrl+Shift+U ቀለሙን አጠፋሁ፣ ሞዱን Multiply አደረግሁ፣ ከዚያ በLevels ግድግዳውን ነጭ አደረግሁት። Multiply ላይ ሙሉ ነጭ የሆነ ነገር ይጠፋል፣ የጠቆረው ብቻ ይቀራል። ክሮቹ ያለ ምንም ማስክ ክሬሙ ላይ ወጡ። የግራውና የቀኙ ጉዳይ ግን እዚህም አልቀረም፤ ሁለት Levels ከየማስካቸው ጋር ማስገባት ግድ ሆነ። ከላይ ያለውን ሌየር ማስክ ደግሞ ከፀጉሩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሰበሰብኩት፣ ጠርዙን Multiply ያለው እንዲሸፍነው። የMultiply ሌየሩንም ጭንቅላቷ ዙሪያ ብቻ እንዲታይ በማስክ ገደብኩት።

ይህንኑ ወይን ጠጁ ላይ ሞክረኸው ከሆነ የሚሆነውን ታውቃለህ። ጥቁሮቹ ክሮች ይቀራሉ፣ ፀሐይ የነካቸው ቡናማዎቹ ግን ከወይን ጠጁ ጋር ይዋሃዱና አይታዩም። ቀኝ ጎኗ በሙሉ ያልቃል።

ፋይሉን በPSD አስቀመጥኩት፣ አልፋ ቻናሉንም «ፀጉር» ብዬ ሰየምኩት። PSD እና TIFF ቻናሉን ይዘው ይቆያሉ። JPEG ግን ይጥለዋል፤ ለማተሚያ ቤት JPEG ልኮ ዋናውን የዘጋ ሰው ቻናሉን እንደገና ከሀ መጀመሩ ነው። እትዬ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ቢጫ እንደሚፈልጉ ከወዲሁ ነግረውኛል።